የልጅ ስኒ

ሪያድ፣ ፉጣ ሰፈር ውስጥ፣ አራት ሴቶች በምንኖርበት አንድ ክፍል፣ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስኒ አይ ነበር። አንዷ ቡናዋን ጠጥታ አተላውን ታስቀርልኛለች፤ እኔ ስኒውን ገልብጬ፣ አተላው ሲወርድ ግድግዳው ላይ የተወውን ጥቁር ቅርጽ እያየሁ ይመጣል ያልኩትን ሁሉ እነግራታለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንቱን ድሬያለሁ፣ ስንቱን አፋትቻለሁ! በእኔ ስኒ የተወለዱ መንታዎች ቢሰበሰቡ ዑለያ ሰፈር ካሉት ፎቆች ሁለቱን ይሞላሉ። ፎቆቹን የምጠራው ያለ ነገር አይደለም፤ ከእሑድ እስከ ሐሙስ እነሱን ሳጸዳ ነው የምውለው። የአንዱን ፎቅ መስታወት ጠርጌ ሳልጨርስ ሌላ ፎቅ ይሠራሉ፣ ሆን ብለው ነው።

ሴቶቹ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ታዘው፣ ቁጣ ችለው፣ ተሸክመው ነው የሚመጡት። ዓርብ ከሰዓት ላይ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ "ያንቺ ነገር እንዲህ ነው" ሲላቸው ደስ ይላቸዋል። ያልኩት ባይሆን ማንም አይከሰኝም። እንዲያውም ባለፈው ያልኩት ያልሆነላት ናት ቀድማ የምትቀመጠው።

ሕጉ ግን ይከሳል። በዚህ አገር ጥንቆላ የሚመስል ነገር ያስጠይቃል፤ ዳኛ ፊት ቆሞ "ጌታዬ፣ ለሳቅ ነው" ማለት አያዋጣም። ቀላሉ ወደ አገር መጠረዝ ነው፣ ከባዱን አላስበውም። ስለዚህ በሩ ይቆለፋል። የሁሉም ስልክ ይሰበሰብና ትልቁ ድስት ውስጥ ይከደናል። ዘንድሮ ሰው የሚጠፋው በጠላቱ ሳይሆን በጓደኛው ቲክቶክ ነው።

ስኒ ያስተማሩኝ የክፍላችን ታላቅ፣ እትዬ የምላቸው ሴት ናቸው። ሪያድ የገቡት ከተማው ከመቆርቆሩ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ይመስለኛል። እሳቸው ማየት ትተዋል፤ ዓይኔ ደከመ ይላሉ፣ ግን ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር ያስገባሉ። ሲያስተምሩኝ እንዲህ ነበር ያሉኝ። የእኛ ስኒ መያዣ ስለሌለው ጠጪዋ ከንፈሯን ያሳረፈችበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ትያዝ፤ እሱ በሯ ነው። ወደ በሩ የሚያይ ቅርጽ የሚመጣ ነው፣ ጀርባውን የሰጠ የሚሄድ። ከስኒው አፍ አጠገብ ያለው ቅርብ ነው፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይርቃል። ሞት አይነገርም። በሽታ አይነገርም። የልጅ ስኒ አይታይም።

"ልጅ እስከ ስንት ነው እትዬ?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"ያልሽውን ሁሉ እስካመነች ድረስ።"

"እንደሱማ ከሆነ ክፍሉ ሙሉ ልጅ ነው!"

አልሳቁም። "ለአዋቂ የነገርሽው ወሬ ነው" አሉኝ። "ለልጅ የነገርሽው ትእዛዝ ነው።"

እኔ ደግሞ ጥሩ ነገር ሲነገረኝ ለሌላ ሰው ለመንገር ነው የምይዘው እንጂ ልሠራበት አይደለም።

አንድ ዓርብ ከደንበኞቼ አንዷ ልጇን ይዛ መጣች። እናትየው ሙረባዕ ሰፈር፣ ከሙዚየሙ ብዙም በማይርቅ የሴቶች ጸጉር ቤት ነው የምትሠራው። ባሏ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ሾፌር ስለሆነ ወር ሙሉ ሌላ ከተማ ነው። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ አማርኛዋ ግማሹ ዓረብኛ፣ ቁመቷ ከእናቷ በላይ። ስልኳን ወደ ድስቱ ስትከት አንድ እጇን ቆርጠን የወሰድንባት ነው የመሰለችው። ጥግ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ስትቆጥር ቆየችና፣

"ኻላ፣ ለኔም እይልኝ" አለችኝ። ኻላ ማለት አክስት ነው። እዚህ የተወለዱት ልጆች ሁላችንንም ኻላ ይሉናል፤ አንቱታ የሚባል ነገርም አያውቁም፤ በየመሃሉ ደግሞ የዓኒ ይላሉ፣ 'ማለቴ' እንደማለት።

እትዬን አየኋቸው። ልብስ እያጠፉ ነበር፤ ማጠፋቸውን አቆሙ።

"ትንሽ ነሽ" አልኳት።

"ኻላ የዓኒ እኔ ብቻ ዝም ብዬ ልይ?"

"እይላታ፣ ለሳቅ ነው!" አለች እናትየው። "ያላ፣ ባሏን አሳዪንና እንገላገል፤ ምግብ ላይ እንደሆነ አልቻልኳትም።"

ክፍሉ ሳቀ። ስቀው የሚያዩኝ ስምንት ሴቶች ካሉ እኔ ገደልም ቢሆን እገባለሁ። እትዬ ያጠፉትን ልብስ አቅፈው ወጥ ቤት ገቡ።

ስኒዋን ተቀበልኩ። አተላው ጥሩ ወርዷል። ከአፉ አጠገብ ወፈር ያለ ጠብታ አለ፣ አጠገቡ ቀጭን መስመር። ለሁሉም የምለውን አልኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ያልኩትን።

"ውይ ውይ ውይ! በር ላይ ምን ቆሟል? መኪና ነው! ነጭ መኪና! ከጎኑ ደግሞ አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገቱ የግመል የሚያህል ሰው። ማንን ነው የሚጠብቀው? አንቺን ነው!"

ሪያድ ውስጥ ነጭ መኪና አየሁ ማለት ባሕር ውስጥ ውሃ አየሁ ማለት ነው። ሴቶቹ ይህን ያውቃሉ። እናትየው ራሷ በኔ ስኒ ሦስት ነጭ መኪና ደርሷታል፤ አንዱም እስካሁን አላሳፈራትም። ስለዚህ እየተደጋገፉ ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም። ወደ ስኒው ጎንበስ ብላ፣

"መቼ?" አለች።

ያኔ ማቆም ነበረብኝ። አዋቂ ሰው "መቼ" ሲል እየሳቀ ነው። እሷ ግን እንደ ሐኪም ቤት ነው የጠየቀችው። እኔ ግን የሳቁ ሙቀት ገና ጀርባዬ ላይ ነበር፤

"ከአፉ አጠገብ ስለሆነ ቅርብ ነው። ሁለት ሐሙስ አያልፍም" አልኳት።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ዑለያ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት አሳንሰር ስወለውል ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት መጣ። ልጅቷ ናት። ቁጥሬን ከእናቷ ስልክ ነው የወሰደችው። በሹክሹክታ፣ ደስታው እያነቃት፣

"ኻላ፣ ነጩ መኪና መጣ። አንቺ ወላሂ እውነተኛ ነሽ። ሐሙስ ይወስደኛል" አለች።

መወልወያውን እንደያዝኩ አሳንሰሩ ተዘጋብኝ። እስከ ሃያ ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ደግሞ ወጣሁ። አንድ ሰውዬ ገብቶ ሰላም ቢለኝ የመለስኩለት አይመስለኝም።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት በኋላ እናቷ ሥራ እስክትጨርስ ሙዚየሙ አጠገብ ያለው መናፈሻ ውስጥ እንደምትቀመጥ አውቅ ነበር። ከሥራ ስወጣ በሜትሮ ሄድኩ። ሙቀቱ እንቁላል የሚጠብስ ሳይሆን ዶሮዋን ከነላባዋ የሚጠብስ ነበር፤ እሷ ግን ዛፍ ሥር ተቀምጣ ፊቷ ያበራል። ሳመችኝ። ስልኳን ዘረጋችልኝ።

ሰውየው የእኛው አገር ሰው ነው። በስልክ ከተዋወቁ ሁለት ወራቸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው ብሏታል፤ ነጭ መኪና ተደግፎ በላከላት ፎቶ ላይ ግን ሃያ ሁለቱን ከጨረሰ ቆይቷል። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከበሩ ራቅ ብሎ በመኪና ይጠብቃታል። ጂዳ እህት አለችው፤ እዚያ ሆነው ለቤተሰቧ ይደውላሉ። ይህን ሁሉ እያሳየችኝ እኔ ታች ያለውን አንድ መስመር አየሁ፦ "ፓስፖርትሽን እንዳትረሺ።"

"ፓስፖርት ለምን?" አልኳት።

"ለመንገድ ነዋ። የባባ ልብስ ዶላብ ውስጥ ነው ያለው፣ የት እንደሆነ አውቃለሁ።"

"ለእናትሽ ነገርሻት?"

"መጅኑና ነሽ፣ አበድሽ? ለማማ ብነግራት ለባባ ትነግረዋለች፤ ባባ ነገውኑ አውሮፕላን ላይ ጭኖ አያቴ ጋ ይልከኛል። እኔ እዚያ ማንንም አላውቅም። ኻላ፣ አንቺም እንዳትነግሪ። ከነገርሽ ሐሙስን አልጠብቅም፣ ዛሬውኑ እሄዳለሁ። ና በይኝ ብሎኛል።"

ከተቀመጥንበት የጸጉር ቤቱ በር ይታያል። እናትየው ከመስታወቱ ጀርባ የሰው ጸጉር እያደረቀች ነው። ተነሥቼ ብሮጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ልጅቷ ግን ቦርሳዋን ይዛ፣ እኔን ሳይሆን እግሬን ነበር የምታየው። እስክመለስ እንደማትገኝ ገባኝ።

"ስሚኝ" አልኳት። "ስኒውን እንደገና ልየው። ነገ ከትምህርት ቤት ወደኔ ነይ። መንገድ ከመሄድ በፊት ሁለት ጊዜ ማየት ነው ደንቡ።"

እንዲህ ያለ ደንብ የለም። እዚያው የፈጠርኩት ነው። ግን አመነችኝ፤ ያስፈራኝም ይኸው ማመኗ ነው። አንዲት ልጅ በእኔ ቃል ተሳፍራ ልትሄድ ነው፣ እኔ ደግሞ ሌላ ቃል ፈጥሬ ነው ያስቆምኳት።

ቤት ስገባ እትዬ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቢላዋውን አላቆሙም።

"ለእናትየው አሁን ደውዬ ልንገራት?" አልኩ።

"ልጅቷ ዛሬ የት ነው የምታድረው?"

"ከእናቷ ጋር አንድ ክፍል ነው።"

"በይ እንግዲህ፣ እናትየዋን ሌሊቱን በሩን ቆልፊ፣ ፓስፖርቱን ኪስሽ ክተቺ በያት። የቀረውን ነገ ልጅቷ ራሷ ትንገራት። አሁን ሁሉንም ብትነግሪያት እየጮኸች ነው የምትገባባት።"

ደወልኩ። ለእናትየው፣ "እህቴ፣ ምክንያቱን ነገ አስረዳሻለሁ፤ የልጅሽን ፓስፖርት ዛሬ አንቺው ያዥው፤ በሩንም ቆልፊ። ነገ ከሥራ ስትወጪ ወደኔ ነይ። ልጅሽን ግን ዛሬ ምንም አትበያት" አልኳት። ለምን፣ ምን ሆነች፣ አለች። "በማርያም፣ እስከ ነገ" አልኳት። "እሺ" አለች መጨረሻ ላይ። እኔን እሺ ለማለት ምን ያህል እንደከበዳት አሁን ነው የገባኝ።

ከዚያ ለእትዬ ዕቅዴን ነገርኳቸው። የምኮራበት ዕቅድ ነበር። "ነገ ስኒዋ ውስጥ እባብ አገኛለሁ። መኪናው ይቃጠላል። ጎማው ይፈነዳል። ጂዳ መንገድ ላይ አንድ ጅብ..."

"ጂዳ መንገድ ላይ ጅብ?"

"ግመል ይሁን በቃ። የተቆጣ ግመል። ብቻ እንዳትነቃነቅ አድርጌ አስፈራራታለሁ።"

ቢላዋው ቆመ። "አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ? በውሸት አስገብተሽ በውሸት ልታወጫት ነው? ብታምንሽ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስኒ እየፈራች ትኖራለች። ባታምንሽ፣ ያስፈራሻትን ልጅ እሱ ነው የሚያባብላት። 'አይዞሽ፣ አለሁልሽ' ይላታል፤ አለቀ።"

"ታዲያ ምን ልበላት?"

"ምንም አትበያት። ጠይቂያት። የነገን ነገር ተይው፤ ያለፈውን ታውቀዋለች፣ ያለፈውን ጠይቂያት። ደግሞ" አሉና ቢላዋውን ወደኔ ቀሰሩት፣ "በምሳሌና በተረት አታድክሚያት። አማርኛችን ላንቺና ለኔ ነው። ለሷ አጭር አጭር አድርገሽ፣ ሰው በሚሰማው ቋንቋ ንገሪያት። ያልገባት ነገር ላይ የራሷን ነው የምትሞላበት።"

"እርስዎ ቢያዩላትስ?"

"እኔ የልጅ ስኒ አላይም" አሉ፣ ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

ረቡዕ ልጅቷ ከነዩኒፎርሟ መጣች። እትዬ በሩን ከፍተው ከነጫማቸው ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ክፍሉ ውስጥ እሷና እኔ ብቻ ነበርን። ስልኳን በልማድ ወደ ድስቱ ልትከት ስትል፣ "ያዥው፣ ዛሬ እንፈልገዋለን" አልኳት። ቅር ያላት ይመስላል፤ ምሥጢሩ የቀነሰባት።

ቡናዋን ጠጣች። ገለበጥኩት። እስኪወርድ ጠበቅን። ስኒውን አነሣሁ፤ ሳላየው እሷ እጅ ላይ አስቀመጥኩት።

"ምን ይታይሻል?"

"እኔ አላውቅም እኮ። አንቺ ነሽ የምታውቂው።"

"እኔም አላውቅም።"

ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀልጄ አንድ ቀን እውነት ስናገር ቀልድ መምሰሉ ሲያንሰኝ ነው።

"እውነቴን ነው" አልኳት። "ባለፈው ነጭ መኪና ያልኩሽ አልታየኝም። ለሁሉም ሰው ነው የምለው። ሰው እንዲስቅ። እናትሽን ጠይቂያት፣ ሦስት ጊዜ ብያታለሁ።"

ፊቷ ቀስ ብሎ ተለወጠ። "ዋሸሽኝ?"

"አዎ።"

"ሁሉም ሰው ፊት? የዓኒ ልትስቂብኝ?"

"ባንቺ ላይ ልስቅ አልፈለግኩም። ሰው እንዲስቅልኝ ፈልጌ ነው። ጥፋተኛ እኔ ነኝ። ትልቅ ሰው ነኝ፣ ማወቅ ነበረብኝ።"

ስኒውን መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ በኃይል። ቦርሳዋን አነሣች። በሩ ክፍት ነው፣ እትዬ ከደረጃው አልተንቀሳቀሱም። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ግን አገጯ ቀና ብሏል።

"ታዲያ መኪናው ለምን መጣ? ውሸት ከሆነ ለምን ነጭ ሆነ? ንገሪኛ!"

ያን ጥያቄ እግዜር ነው የሰጠኝ። አፌ ውስጥ አሥር መልስ ነበረ፤ ሁሉንም ዋጥኳቸው። እንደ መራር መድኃኒት ነው የወረዱት።

"አላውቅም" አልኳት። "አንቺ ስለ ስኒው ለሱ መቼ ነው የነገርሽው?"

"ምኑን?"

"ነጭ መኪና እንዳልኩሽ። ነግረሽዋል?"

"ነግሬዋለሁ። በጣም ደስ አለው።"

"መቼ?"

ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ስልኳን አወጣች። ጣቷ ወደ ላይ ወደ ላይ ይገፋል። እኔ የአየር ማቀዝቀዣውን ድምፅ እሰማለሁ፤ የትራክተር ያህል ይጮኽ ነበር።

"ዓርብ። ያን ዕለት ማታ።"

"የመኪናውን ፎቶ መቼ ላከልሽ?"

ወደ ታች ገፋች። ቆመች።

"ቅዳሜ" አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

"ከዚያ በፊት ስለ መኪና አውርታችሁ ታውቃላችሁ?"

ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ ወደ ኋላ ትፈልግ ጀመር፤ ሳምንታት እየገለበጠች። እትዬ አንገታቸውን ሳያዞሩ ትንሽ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት። ረጅም ጊዜ ነው የፈለገችው፤ ወይም ለኔ ነው የረዘመው። ከዚያ ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቀረ። ስልኩን ዘረጋችልኝ፣ እኔን ሳታየኝ። በሱ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "መኪና የለኝም ሀቢብቲ፣ በሞተር ነው ዕቃ የማደርሰው። አትናቂኝ እንጂ።" ከአንድ ወር በፊት ነው።

አንዲት ነገር ብናገር ይበላሽ ነበር። "አየሽ?" ብል እንኳን ይበላሽ ነበር። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለኔ ድንጋይ ተሸክሞ ከፎቅ ከመውጣት ይከብዳል።

"ተከራይቶ ሊሆን ይችላል" አለች።

"ሊሆን ይችላል።"

"ለኔ ብሎ ገዝቶትም ሊሆን ይችላል።"

"እሱም ሊሆን ይችላል። እኔ አላውቅም። ለማወቅ ምን ብትጠይቂው ትፈልጊያለሽ?"

አሰበች። ትልቅ ሰው ሲያስብ ግንባሩ ይኮሳተራል፤ የሷ ግን ከንፈሯ ነው እንደ ሕፃን የሾለው። አሥራ አምስት ዓመት ማለት ይህ ነው ለካ፤ ቁመቷን አይቼ ረስቼው ነበር። ከዚያ፣

"አላውቅም" አለች። ተነሥታም አልሄደችም።

እናትየው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰች፣ ፎጣዋን አንገቷ ላይ እንደጣለች። ልጅቷ ስታያት ብድግ አለችና ወደኔ ዞረች፤ "ነገርሻት!"

"ፓስፖርትሽን እንድትይዝና በሩን እንድትቆልፍ ብቻ ነው ያልኳት። የቀረውን አንቺ ንገሪያት። እዚሁ ነኝ፤ አልሄድም።"

እንዴት እንደነገረቻት ልጽፈው ብሞክርም አልሆነልኝም። ግማሹ በዓረብኛ፣ ግማሹ በለቅሶ ነበር። እናትየው እጇን አነሣች። እትዬ ያንን እጅ አየር ላይ ያዙት፤ በዚያ ዕድሜያቸው ከደረጃ ተነሥተው እዚያ እንዴት እንደደረሱ አሁንም አልገባኝም።

"ሐሙስ ሳያልፍ አንድ ጥፊ ብታሳርፊባት ለሱ ነው የምታስረክቢያት" አሏት።

እጁ ወረደ። ከዚያ እናትየው ወደኔ ዞረች።

"ሁለት ሐሙስ ያልሻት አንቺ ነሽ" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ቀን ቆርጠሽ ሰጠሻት! ልጄን!"

"አንቺም እይላት ብለሻል" ማለት ይቻል ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ ዛሬም አለ። "ይቅር በይኝ እህቴ" ብቻ አልኩ።

"ፖሊስ ልሂድና ምን ልበል? 'ስኒ አሳይቼላት' ልበል?" አለች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ።

እትዬ ናቸው መንገዱን ያሳዩት። ስኒው የኛ ጥፋት ነው፤ መልእክቶቹ ግን የሱ ናቸው። ባልየው ይምጣ፣ መልእክቶቹን ይዞ ፖሊስ ጋ ይሂድ አሉ፤ ስለ ስኒ የሚጠይቅ ካለ እኔ ልጠየቅ አልኩ። እናትየው ለባሏ ስትደውል ልጅቷን አገር ቤት እንደማይልካት ቀድማ አስማለችው፣ ስልኩን ለልጅቷ ሰጥታም አሰማቻት። አባትየው መጀመሪያ ጮኸ። ከዚያ አንድ ነገር አላት፤ ምን እንዳለ አልሰማሁም፣ ልጅቷ ግን ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች። ሐሙስ ማታ እደርሳለሁ አለ።

ሐሙስ ልጅቷ ትምህርት ቤት አልሄደችም። እናትየውም እኔም ሥራ አልገባንም። እነሱ ቤት ሦስታችን ተቀመጥን። እኔ፣ ሬሳ ፊት ቀልጄ የማውቅ ሰው፣ ሻይ እያፈላሁ ዋልኩ። ተማሪዎች የሚለቀቁበት ሰዓት ሲደርስ ልጅቷ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

ጮኸ። እናትየው ልትነጥቃት እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ ገፋቻት።

"እኔ ላናግረው" አለች። "አውቄያለሁ ምን እንደምጠይቀው።"

እናትየው አየችኝ። ትከሻዬን ብቻ አነሣሁ፤ ምን እንደሚሆን እውነትም አላውቅም ነበር። ልጅቷ ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው።

"የት ነሽ ሀቢብቲ? ሁሉም ወጥተዋል እኮ" አለ። ደስ የሚል ድምፅ አለው፣ አልዋሽም። ማርን ከነቀፎው ያስለቅቃል።

"ቤት ነኝ። ማማ አጠገቤ ናት። ሁሉንም ነግሬያታለሁ። ናና አናግራት፤ በር እንከፍትልሃለን።"

አንድ ጊዜ ሲተነፍስ ሰማነው። ከጀርባው የመኪና ጥሩንባ ነበር። ከዚያ ምንም።

ልጅቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አስጠጋች፣ መስመሩ የደከመ መስሏት። "አሎ?" አለች። "አሎ?" ደግማ ደወለችለት፤ አልከለከልናትም። ስልኩ ተዘግቷል። ሦስተኛ ጊዜ ስትደውል እናትየው ወለሉ ላይ ተንሸራታ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ልጅቷም ያ ሁሉ ቁመቷ እንዴት እንደታጠፈ እንጃ፣ እናቷ ጭን ውስጥ ገባች።

አባትየው ማታ ደርሶ በማግስቱ መልእክቶቹን ይዞ ፖሊስ ጋ ሄደ። ስለ ስኒ የጠየቀው የለም። እናትየው ከዚያ ወዲህ ዓርብ አትመጣም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ ቆማ ግን አታወራኝም። ልጅቷ አልፎ አልፎ ትጽፍልኛለች። በቅርቡ አንዲት የክፍል ጓደኛዋ የምትፈልገው ነገር ስላለ ስኒ አይላት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላይም፣ ግን ከእናቷ ወይም ከምታምነው ትልቅ ሰው ጋር ትምጣ፣ ያስጨነቃትን ቁጭ ብለን እንስማት አልኳት።

"ኻላ፣ የዓኒ ዝም ብለሽ ልትሰሚያት?" ብላ መለሰችልኝ። "አንቺ? ትችያለሽ?"

እየተለማመድኩ ነው አልኳት።